ናሙናው «ደረጃ 2» ብሎ ነበር፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ «ደረጃ 3» ተባልን። በሦስት ሳምንት ይሄዳል?

ሰኔ_ሠላሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ውስጥ ጠብ ያስነሳ ነገር ስላለ የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ብዬ ነው። አባቴ የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኘበት። መጀመሪያ በኮሎኖስኮፒ ናሙና ተወስዶ የመጣው ወረቀት ግሬድ 2 ይላል። እኛም «ደረጃ ሁለት ነው» ብለን ለዘመድ ሁሉ ተናገርን፣ ትንሽም ተጽናናን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የወጣው አንጀት ተመርምሮ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ «ደረጃ ሦስት ነው፣ ኬሞ ያስፈልገዋል» አለን።

ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ አበደ። የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ አንድ ሳምንት ተገፍቶ ነበር፤ «ከሁለት ወደ ሦስት የሄደው በዚያች ሳምንት ነው» ይላል። አባባ ከባድ ጉንፋን ይዞት ስለነበር ቀጠሮው እንዲገፋ የተስማማሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም።

የሁለተኛው ወረቀት መጨረሻ ላይ ያለው መስመር ይህ ነው፦

```
pT3 pN1b (2/17) G2 L1 V0 R0
```

ሦስት የሚል ቁጥር የማየው T አጠገብ ብቻ ነው። ደረጃ ሦስት ያሉን እሱን አይተው ነው? ደግሞ አሁንም G2 ይላል፤ ታዲያ አሁንም ሁለት አይደለም ወይ?

---

ታዛቢው

እህቴ፣ አይዞሽ። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ግሬድ ማለት የካንሰሩ ፍጥነት ነው፣ ስቴጅ ማለት ደግሞ የዕጢው ትልቅነት ነው። T3 ካለ ዕጢው ትልቅ ሆኗል ማለት ነው፤ ምናልባት ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ስለዚህ T3 ስለሆነ ስቴጅ ሦስት ብለውታል። ፍጥነቱ መካከለኛ ነው፣ መጠኑ ትልቅ ነው። እኔ የገባኝ እንደዚህ ነው፤ አጎቴን ሳስታምም ብዙ አንብቤአለሁ።

---

የስላይድ_ሰው

ታዛቢው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ማለትህ ልክ ነው። ስለ ትልቅነቱና ስለ T3 ያልከው ግን ለዚህ ካንሰር አይሠራም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሰኔ፣ መጀመሪያ እንቅልፍ የነሳሽን ነገር ልመልስ። አባትሽ ከሁለት ወደ ሦስት አልሄደም። ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ መሰላል እርከኖች አይደሉም። የመጀመሪያው ወረቀት ስለ ስቴጅ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ሊናገርም አይችልም ነበር። ሥራዬ ፓቶሎጂ ስለሆነ እንዲህ ያለው ናሙና በየቀኑ በእጄ ያልፋል፤ ለምን እንደማይችል ላስረዳሽ።

ኮሎኖስኮፒ ላይ ትንሿ መቆንጠጫ ከአንጀቱ ውስጥ ሆና የዕጢውን ፊት ብቻ ቆንጥጣ ትመለሳለች። እኔ ጋ የሚደርሰው ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ነው። ከእሱ ተነስቼ ካንሰር መሆኑንና ሴሎቹ ምን እንደሚመስሉ መናገር እችላለሁ። ዕጢው ወደ ታች ምን ያህል እንደሰረሰረ ግን አላይም፤ ግድግዳው አብሮ አልመጣማ። ኖድ የምንላቸው ንፍፊቶችም አልመጡም። ስለዚህ የምጽፈው ግሬድ ብቻ ነው።

ግሬድ የሚወጣው እንዲህ ነው። ጤነኛው የአንጀት ሽፋን ጎን ለጎን የተደረደሩ ትናንሽ ቱቦዎች አሉት። በአግድም ተቆርጠው በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ቀለበት ይመስላሉ፤ መሐሉ ክፍት ነው፣ ዙሪያውን ሴሎች በሥርዓት ቆመዋል። የካንሰሩ ሴሎች ከዚያው ሽፋን የወጡ ስለሆኑ እነሱም ያንን ቀለበት ሊሠሩ ይሞክራሉ። በሁሉም ቦታ ማለት ይቻላል ቀለበት ከሠሩ ግሬድ 1 እንላለን። ቀለበቱ ኖሮ ጠማማ ከሆነ፣ አንዱ ከአንዱ ከተጣበቀ፣ እዚህም እዚያም ከጠፋ ግሬድ 2 ነው። ቀለበት የሚታየው ከዕጢው ከግማሽ በታች በሆነው ቦታ ብቻ ከሆነና የቀሩት ሴሎች ዝም ብለው ከተከመሩ ግሬድ 3 ይባላል። አሁን ብዙ ቦታ 1ንና 2ን አንድ አድርገው «ዝቅተኛ ግሬድ» ብለው ይጽፋሉ። አብዛኛው የአንጀት ካንሰር እንደ አባትሽ መካከለኛው ላይ ነው የሚወድቀው።

እንግዲህ ግሬድ ሴሉ ከእናቱ ምን ያህል እንደራቀ ነው የሚናገረው፤ የት እንደደረሰ አይናገርም። ፍጥነት ማለትም ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። ቀለበቱን የረሳ ካንሰር ብዙ ጊዜ ኃይለኛ ይሆናል እንጂ እኔ ፍጥነት ለክቼ አይደለም ቁጥሩን የምጽፈው። መልክ አይቼ ነው።

---

የስላይድ_ሰው

(ቀጥዬ) አሁን ወደዚያ መስመር እንምጣ። ፊደሎቹ ፊት ያለችው ትንሿ p «ይህን ያየነው በቀዶ ሕክምና የወጣውን አካል መርምረን ነው» ማለት ናት። በሲቲ ስካን ወይም በሐኪሙ ምርመራ ብቻ የተገመተ ቢሆን c ትሆን ነበር።

T በአንጀት ላይ ጥልቀት ነው። የአንጀት ግድግዳ ንብርብር አለው፤ ከውስጥ ሽፋኑ፣ ከሥሩ ልል የሆነ ንብርብር፣ ቀጥሎ ወፍራሙ ጡንቻ፣ ከጡንቻው ውጭ ስብ፣ በመጨረሻ ሆድ ዕቃን የሚያለብሰው ስስ ገበር። ካንሰሩ ልሉ ንብርብር ላይ ከቆመ T1፣ ጡንቻው ውስጥ ከገባ T2፣ ጡንቻውን በስቶ ስቡ ውስጥ ከደረሰ T3፣ ስሱን ገበር ከነካ ወይም አጠገቡ ያለ ሌላ አካል ውስጥ ከገባ T4 ነው። 7 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወደ አንጀቱ ቀዳዳ ያበጠ ዕጢ T2 ሊሆን ይችላል፤ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ እንደ ምስማር የገባው ደግሞ T4። በገዢ ብንለካውም ለ T አንጠቀምበትም።

N ሊምፍ ኖድ ነው፣ ንፍፊት የምንለው። ከአንጀቱ ጋር ተቆርጦ የሚወጣ ስብ አለ። ያንን ስብ በጣት እየዳበስን፣ በስሱ እየከተፍን ኖዶቹን አንድ በአንድ እንለቅማለን። አንዳንዱ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከስቡ ለይቶ ማግኘት ዓይንና ትዕግሥት ይፈልጋል። የአባትሽ ናሙና ላይ 17 ተገኝተዋል፣ ካንሰር የደረሰው 2ቱ ላይ ነው። አንድ ቢሆን N1a ይባል ነበር፤ ሁለት ወይም ሦስት N1b ነው፤ ከአራት ጀምሮ N2 ይሆናል።

M ሩቅ ቦታ መድረሱ ነው፤ ለምሳሌ ጉበት ወይም ሳንባ። መስመሩ ላይ እንደሌለ አስተዋልሽ? ያልተጻፈው ተረስቶ አይደለም። እኔ ጋ የመጣው አንጀት ነው፤ ጉበቱን አላየሁም። M የሚሞላው በሲቲ ስካኑ ነው፣ የሚሞላውም ሐኪሙ ነው። ስቴጅ የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ ያልኖረውም ለዚህ ነው።

ሦስቱ ሲሰበሰቡ ሰንጠረዥ አለ። T3 ሆኖ ኖዶቹ ሁሉ ነጻ ቢሆኑ ስቴጅ 2ኤ ነበር። አንድ ኖድ እንኳ ከተያዘና ሩቅ ቦታ ካልደረሰ፣ T1 እንኳ ቢሆን ስቴጁ ሦስት ነው። አባትሽን ሦስት ውስጥ ያስገቡት ሁለቱ ኖዶች ናቸው፤ T አጠገብ ያለው 3 አይደለም። T3 ከ N1 ጋር ሲሆን ስቴጅ 3ቢ ነው። ቁጥሮቹ መገጣጠማቸው አጋጣሚ ነው፣ ብዙ ሰው ያሳሳታል።

---

ሰኔ_ሠላሳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስቴ አነበብኩት። አንድ ነገር ብቻ በግልጽ ልጠይቅ፤ እውነቱን ንገረኝ፣ ለማጽናናት ብለህ አትመልስ። ያቺ ሳምንት ባትኖር ኖሮ ኖዶቹ ነጻ ይሆኑ ነበር?

---

የስላይድ_ሰው

ስላይድ ላይ ቀን አይጻፍም። ያንን ኖድ አይቼ «ይህ ሴል እዚህ የደረሰው ማክሰኞ ነው» የምል ሰው አይደለሁም፣ የሚልም የለም። የማውቀውን ልንገርሽ። የትልቁ አንጀት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ከትንሽ ቡቃያ ተነስቶ ዓመታት የሚፈጅ ነገር ነው፤ ጡንቻውን ሙሉ በሙሉ በስቶ ስብ ውስጥ መግባት በአንድ ሳምንት የሚሆን ሥራ አይደለም። ናሙናው በተወሰደበት ቀን አንጀቱ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ የማየው አሁን ያየሁትን ነበር ብዬ አምናለሁ። በጉንፋን ደረቱ ታፍኖ ማደንዘዣ የሚወስድ ሰው ደግሞ የራሱ አደጋ አለው፤ ቀጠሮ የሚገፋውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለወንድምሽ አንድ ነገር አሳዪው። ሁለተኛው ወረቀት ላይም G2 ይላል። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ነገር የሚለኩ ቢሆኑ ኖሮ ከአንድ ወረቀት ሁለትም ሦስትም ሊወጣ አይችልም ነበር።

---

እንጆሪ_በር

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። እኔ የተገላቢጦሹ ነው የደረሰብኝ። የጡት ካንሰር ነበረብኝ፤ ናሙናው ግሬድ 3 ብሎ መጣ። ከሦስት ውስጥ ሦስተኛው ነው ሲሉኝ የመጨረሻው ላይ ደርሻለሁ ብዬ ለልጆቼ ደብዳቤ ጻፍኩ። እውነቴን ነው፤ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ለሁለቱም ለየብቻ ጻፍኩ። ቀዶ ሕክምናው ተደርጎ ውጤቱ ሲመጣ ዕጢው 14 ሚሊ ሜትር፣ ኖዶቹ ሁሉ ነጻ። ሐኪሜ «ስቴጅ አንድ ነሽ» አለችኝ። አላመንኳትም። ወረቀት የተቀያየረ መስሎኝ ስሜን አስነበብኳት።

የኔ ጥያቄ ግን ይህ ነው፤ ስቴጅ አንድ ሆኜ ለምን ኬሞ ሰጡኝ? ጎረቤቴ ስቴጅ ሁለት ሆና ኬሞ አልወሰደችም። እስከ ዛሬ አልገባኝም።

---

የስላይድ_ሰው

እንጆሪ፣ ታዛቢው ስለ ትልቅነት ያለው ያንቺ ላይ ይሠራል። በጡት T መጠን ነው፤ እስከ 20 ሚሊ ሜትር T1፣ ከዚያ እስከ 50 T2፣ ከ50 በላይ T3። እያንዳንዱ አካል የራሱ ሕግ አለው፤ የአንጀቱን T3 ይዞ ጡት ላይ ማንበብ ሁለት የማይተዋወቁ መንደሮችን በአንድ ካርታ እንደ መፈለግ ነው።

ግሬዱም በሌላ መንገድ ነው የሚወጣው። በጡት ሦስት ነገር አይተን ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ነጥብ እንሰጣለን፤ ቱቦ መሥራቱን፣ የሴሉ አስኳል ምን ያህል እንደተዛባ፣ በመከፈል ላይ ያሉ ሴሎች ስንት እንደሆኑ። ድምሩ እስከ 5 ከሆነ ግሬድ 1፣ 6 ወይም 7 ግሬድ 2፣ 8 ወይም 9 ግሬድ 3 ነው። እዚህ ላይ እየተከፈሉ ያሉትን ሴሎች በእርግጥ ስለምንቆጥር ፍጥነት የሚለው ቃል ከአንጀቱ ይልቅ ይቀርባል።

ስለ ኬሞው፣ ስቴጅ የት እንደደረሰ እንጂ ምን ዓይነት እንደሆነ አይናገርም። ሐኪምሽ ግሬዱን፣ የሆርሞን ተቀባዮቹንና ኸር-ቱ የሚባለውን ውጤት አብራ አይታ ነው የወሰነችው። የጎረቤትሽ ዕጢ ከፍ ያለ ስቴጅ ኖሮት በጠባዩ ለሆርሞን መድኃኒት የሚገዛ ሊሆን ይችላል። ወረቀቷን ሳላይ ከዚህ በላይ አልልም።

---

ታዛቢው

ስለ አንጀቱ ታርሜአለሁ፣ አመሰግናለሁ። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ግሬድና ስቴጅ ፈጽሞ አይነካኩም አልክ፤ እኔ ደግሞ የጡት ስቴጅ ውስጥ ግሬድ ይገባል የሚል አንብቤአለሁ። የቱ ነው ልክ?

---

የስላይድ_ሰው

«ፈጽሞ» አላልኩም፤ ግን ያነሳኸው እውነት ነው፣ መባል ነበረበት። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካው የስቴጅ መመሪያ ስምንተኛ እትም በጡት ላይ ሁለት ዓይነት ስቴጅ አለው። አንዱ በ T፣ በ N እና በ M ብቻ የሚሰላው የድሮው ነው። ሁለተኛው ግሬዱንና ተቀባዮቹን ጨምሮ የሚሰላ ነው፤ አንድ ሰው በአንዱ ሁለት፣ በሌላው አንድ ሊሆን ይችላል። በፕሮስቴትም ግሬዱ ስቴጁ ውስጥ ይገባል፤ በጡንቻና በስብ ካንሰሮችም እንዲሁ። የአንጎል ዕጢ ደግሞ ጭራሽ TNM የለውም፣ ያለው ግሬድ ብቻ ነው። አንጎል ላይ «አራት» ከተባለ ግሬድ ነው ማለት ነው፤ ወደ ሌላ አካል ተሰራጨ ማለት አይደለም።

ለአንጀት ግን ግሬድ ሰንጠረዡ ውስጥ የለም። የአባቷ G2 ወደ G3 ቢቀየር ስቴጁ 3ቢ ሆኖ ይቀራል።

---

ደጀ_ሰላም

እኔ ደግሞ ስለ መውረዱ ልጠይቅ። አክስቴ ስቴጅ አራት ነበረች። ስድስት ዙር ኬሞ ወሰደች፤ ሲቲ ስካኑ ጉበቷ ላይ የነበሩት ነጠብጣቦች በጣም እንዳነሱ አሳየ። እኛ አሁን ወደ ሁለት ወርዳለች እያልን ነው። መድኃኒቱ ግሬዱንም ያወርደዋል? የሰኔ አባት ከሦስት ወደ ሁለት እንዲወርድ የወሰዱትን ኬሞ ስም ልላክላት?

---

ሌሊት_ተረኛ

ደጀ ሰላም፣ የሰኔ ጥያቄ ስለ መውረድ አይደለም፤ ሁለቱ ቁጥሮች ለምን ተለያዩ ነው። የኬሞ ስምም አትላኩ እባካችሁ፤ የእያንዳንዱ ሰው ልክ የተለየ ነው።

ያነሱት ነገር ግን ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የምሰማው ነው፣ እኔ የኬሞ ክፍል ነርስ ነኝ። ስቴጅ በመጀመሪያ ሲገኝ የተሰጠው ይቀጥላል። ዕጢው ሲያንስ «ለሕክምናው ምላሽ ሰጠ» ይባላል እንጂ ስቴጁ ወረደ አይባልም። ከዓመታት በኋላ ቢመለስም መጀመሪያ የነበረው ስቴጅ ሁለት ተፍቆ አራት አይጻፍም፤ «ስቴጅ ሁለት የነበረ፣ አሁን የተመለሰ» ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ቤተሰብ «አራት ነበረ፣ ወደ ሁለት ወርዷል» ብሎ አዲስ ሐኪም ጋ ሲሄድ ሐኪሙ ሁለት መስሎት የሚጀምርበትን አጋጣሚ አይቻለሁ። ወረቀቱን ይዞ መሄድ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከቀዶ ሕክምና በፊት ኬሞ ወይም ጨረር የወሰደ ሰው ወረቀት ላይ ypT ብሎ ይጀምራል። y ያለው T1 እና y የሌለው T1 አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ከመድኃኒቱ በኋላ የተረፈው ነው።

---

ቆላ_ደጋ

የስላይድ ሰው፣ ኖዶቹን በጣት ትለቅማላችሁ ያልከው አስደነገጠኝ። የወንድሜ ወረቀት፦

```
pT3 pN0 (0/7) G2
```

ስቴጅ 2ኤ፣ ኬሞ አያስፈልግም ተባለ፣ ደስ ብሎን ሄድን። አሁን የሰኔን አባት 17 ሳይ ሰባት ጥቂት መሰለኝ። ኖዱ ነጻ ነው ማለት ነው ወይስ አልተገኘም ማለት ነው?

---

የስላይድ_ሰው

ዋናውን ጥያቄ ነው ያነሳኸው። N0 የሚለው ቃል ታማኝነቱ የተቆጠረውን ያህል ነው። ለአንጀት ቢያንስ 12 ኖድ መታየት አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። ሰባት አይተን ሰባቱም ነጻ ከሆኑ፣ ስምንተኛው ስቡ ውስጥ ተደብቆ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ አንዱ ቢገኝና ቢያዝ ስቴጁ ከሁለት ወደ ሦስት ይገባል። ግሬድ እንዲህ ያለ ችግር የለበትም፤ የዕጢው አንድ ክፍል ከሌላው የባሰ መልክ ሊኖረው ይችላል እንጂ ፍለጋ ሳይሳካ ቀርቶ ቁጥሩ አይገለበጥም።

ሰባት የሚሆንባቸው ምክንያቶች አሉ። የተቆረጠው ስብ አጭር ሊሆን ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጨረር የወሰደ ሰው ኖዶቹ ይሟሽሻሉ፤ ይህ የፊንጢጣ ካንሰር ላይ የተለመደ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰውም ጥቂት ሊኖረው ይችላል። ለቀማው ላይ ጊዜ አጥሮም ሊሆን ይችላል፤ ይህን ስል የራሴን ሙያ ነው የምናገረው።

ማድረግ የሚቻል ነገር አለ። የወጣው አንጀት ፎርማሊን ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ይቀመጣል። ሳይወገድ ከተደረሰበት ተመልሶ ስቡን እንደገና መክተፍ ይቻላል፤ እኔ ራሴ በሁለተኛ ፍለጋ ኖድ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ዛሬውኑ ሐኪሙን አነጋግረው፤ ከ12 በታች መሆኑ ኬሞ ይሰጥ አይሰጥ የሚለውንም ሊነካ ስለሚችል ማወቅ አለበት።

---

ታዛቢው

ሰንጠረዡን ቁጭ ብዬ አየሁት። አንድ ነገር አልገባኝም። T4 ሆኖ ኖዱ ነጻ የሆነ ሰው ስቴጅ 2ቢ ወይም 2ሲ ነው። T1 ሆኖ አንድ ኖድ የተያዘበት 3ኤ ነው። ግን የመዳን ዕድሉን ሲያሳዩ 3ኤ ከ2ሲ የተሻለ ነው ይላሉ። ሦስት ከሁለት እንዴት ይሻላል? ታዲያ ቁጥሩ ምን ይሠራል?

---

የስላይድ_ሰው

ልክ አይተሃል፤ ባለሙያዎችንም የሚያከራክር ነው። TNMን ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ደኑዋ እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1952 ባለው ጊዜ ሲያዘጋጀው ዓላማው ካንሰሩ የት እንደደረሰ ሁሉም በአንድ ቋንቋ እንዲጽፍ ነበር። ስቴጅ የሚባሉት ቡድኖች ከዚያ የተሠሩ መሳቢያዎች ናቸው፤ መሳቢያው ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

ለምን 3ኤ ይሻላል ለሚለው፣ አንደኛው ምክንያት 3ኤ የሆኑት ኬሞ ይሰጣቸዋል፣ ስቴጅ 2 ግን ብዙው አይወስድም። ሁለተኛው፣ T4 ራሱ ክፉ ነው፤ ካንሰሩ የሆድ ዕቃውን ገበር ከነካ ሴል ወደ ሆድ ውስጥ ሊበተን ይችላል። ሦስተኛው የቆላ ደጋ ታሪክ ነው፤ T4 N0 ከተባሉት መካከል ኖዳቸው በደንብ ሳይታይ የቀረ ይኖራሉ። የትኛው ምን ያህል እንደሚመዝን ሰው ይለያያል። እኔ ለሦስተኛው አደላለሁ፣ ኖድ ለቃሚ ስለሆንኩ ይሆናል።

---

ፊደል_ቆጣሪ

እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም፣ ሰነድ እተረጉማለሁ። የዚህ ሁሉ ጣጣ ምንጭ እኮ «ደረጃ» የምትለዋ ቃላችን ናት። ስቴጅም ደረጃ፣ ግሬድም ደረጃ እንላለን። እኔ ስቴጅን «የስርጭት እርከን»፣ ግሬድን «የሴል መልክ ደረጃ» ብዬ እጽፋለሁ። እንዲህ ቢለመድ የሰኔ ቤት ጠብ ባልተነሳ።

---

ሌሊት_ተረኛ

ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን አልጋ አጠገብ «የስርጭት እርከን» ስል በሽተኛው «ተሰራጭቷል?» ብሎ ይነሳብኛል። ስቴጅ አንድም ቢሆን ስርጭት የሚለውን ቃል ብቻ ነው የሚሰማው። እኔ ስቴጅና ግሬድ እያልኩ ነው የማስረዳው፤ ቃሉ ባዕድ ቢሆንም ሁለቱ አይምታቱም።

---

ፊደል_ቆጣሪ

ይህን አላሰብኩትም። «የደረሰበት እርከን» ብንለውስ? አሁንም አልጠገብኩም፣ አስብበታለሁ።

---

ሰኔ_ሠላሳ

ትናንት ሐኪሙ ጋ ሄጄ ነበር። የጻፋችሁልኝን ይዤ ስለ M ጠየቅኩት። ሲቲ ስካኑን ከፍቶ አሳየኝ፤ ጉበቱም ሳንባውም ንጹሕ ነው። ወረቀት ላይ በእጁ T3 N1b M0፣ ስቴጅ 3ቢ፣ ግሬድ 2 ብሎ በአራት መስመር ጻፈልኝ። ኖዱ ከአራት በታች ስለሆነና T4 ስላልሆነ ኬሞው ሦስት ወር ይበቃል ወይስ ስድስት ይሁን የሚለውን በሚቀጥለው ቀጠሮ እንነጋገራለን ብሏል። L1 የሚለው በቀጫጭኖቹ የሊምፍ መንገዶች ውስጥ ሴል ታይቷል ማለት እንደሆነ ነገረኝ፤ V0 የደም ሥር ውስጥ እንዳልታየ፣ R0 ደግሞ የተቆረጠበት ጠርዝ ነጻ እንደሆነ።

ማታ ወንድሜን ቁጭ አድርጌ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየ። ከዚያ «ታዲያ የመጀመሪያው ወረቀት ለምን ደረጃ ሁለት ብሎ ጻፈ?» አለኝ። አብረን ፈለግን። ደረጃ የሚል ቃል የለበትም። ግሬድ ነው የሚለው። ደረጃ ያልነው እኛው ነን፤ የመጀመሪያ ቀን ስልክ ይዞ ለዘመድ የደወለው ደግሞ እሱ ነበር። ሌላ ነገር አልተናገረም፤ አባባን ለኬሞው የሚያደርሰው እሱ እንደሆነ ብቻ ነግሮኝ ወጣ።

---

ቆላ_ደጋ

እኔም ልንገራችሁ። ናሙናው አልተወገደም ነበር። ስቡን እንደገና ከትፈው አራት ኖድ ጨምረው አገኙ፣ አራቱም ነጻ ናቸው። አሁን 0/11 ነው። ሐኪሙ አሥራ አንድ ከአሥራ ሁለት ጋ ያለው ልዩነት ብቻውን እንደማያስወስነው፣ ሌሎች ነገሮችን ከባልደረቦቹ ጋር አይቶ እንደሚደውልልን ነገረን። እስካሁን አልደወለም።